ቆረቆር ነው ወይስ ላሽ? የልጅ ፀጉር በቦታ በቦታ ሲመለጥ

የልጅ ፀጉር አንድ ቦታ ላይ ክብ ሆኖ ተመልጦ ሲገኝ የወላጅ ዓይን የሚያርፈው በጠፋው ፀጉር ላይ ነው። የቆዳ ሐኪም ግን ከሁሉ በፊት ሥሩ ያለውን ቆዳ ይመረምራል። ቆዳው ቅርፊት አለው ወይስ የለውም? የተሰበረ ፀጉር ቀርቶበታል ወይስ ልሙጥ ነው? የልጁ ሕክምና በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። የልጆች ፀጉር በቦታ በቦታ እንዲመለጥ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኞቹ ሁለቱ፣ ቆረቆርና ላሽ፣ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በመነሻቸውም በመድኃኒታቸውም ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ቆረቆር የፈንገስ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የሚድነውም በሚዋጥ መድኃኒት ነው። ላሽ፣ በሕክምና ስሙ አሎፔሺያ አርያታ፣ ከማንም የማይጋባ ሕመም ነው። የሚመጣው የሰውነት የመከላከል ኃይል ተሳስቶ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ዋጋ ያስከፍላል። ለላሽ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ቅባት ቆረቆር ላይ ሲቀባ መቅላቱንና ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ቤተሰቡም የተሻለው ይመስለዋል። ፈንገሱ ግን ከሥር ሆኖ ይስፋፋል። በተቃራኒው የቆረቆር መድኃኒት ላሽ ላለበት ልጅ ሲሰጥ ልጁ ለማይጠቅመው ነገር ለሳምንታት ክኒን ይውጣል።

ፀጉሩ የሚጠፋበት መንገድ

ቆረቆርን የሚያመጡት ፈንገሶች የሚመገቡት ኬራቲንን ነው። ኬራቲን ፀጉር፣ ጥፍርና የላይኛው የቆዳ ክፍል የተሠሩበት ጠንካራ ፕሮቲን ነው። በኢትዮጵያ ልጆች ራስ ላይ አብዝቶ የሚገኘው ዝርያ ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም ይባላል። ይህ ፈንገስ በፀጉሩ ዙሪያ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባና ውስጡን በዘሮቹ ይሞላዋል። ውስጡ የተበላ ፀጉር ጥንካሬ ስለሌለው ከቆዳው እንደወጣ ይሰበራል። ጉቶው ቆዳው ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በቆረቆር ጊዜ አብዛኛው ፀጉር ከሥሩ አልተነቀለም፤ ከቆዳው ወለል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው።

በሽታው የሚበዛው ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ባልደረሱ ልጆች ላይ ነው። ከጉርምስና በኋላ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ይለወጣል፤ በውስጡ ያሉት የስብ አሲዶችም ፈንገሱን እንደሚገቱት ይታመናል። አዋቂዎች አልፎ አልፎ ብቻ የሚያዙት ለዚህ ነው። ሆኖም ምንም ምልክት ሳይታይባቸው ፈንገሱን ይዘው ለልጆች የሚያስተላልፉ አዋቂዎች አሉ።

የላሽ ነገር ሌላ ነው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እያደገ ባለው ፀጉር ሥር ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የተጠቃው ሥር ፀጉር ማሳደጉን ያቆማል፤ ፀጉሩም ይቀጥንና ይረግፋል። ሥሩ ግን አይሞትም፤ ሥራ ፈትቶ ይቆያል። ስለዚህ ላሽ ዓመት ከቆየ በኋላም ፀጉር ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ቆዳው ላይ የሚበላ ነገር ስለሌለ አይላጥም፣ አይቆስልም፣ አብዛኛውን ጊዜም አያሳክክም።

ቤት ውስጥ ምን ማየት ይቻላል?

ልጁን መስኮት አጠገብ፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት ቦታ አስቀምጡት። የስልክ ካሜራ አጉልቶ ስለሚያሳይ ፎቶ ማንሳትም ይረዳል። ፀጉሩን በጣት ከፈል እያደረጉ በመጀመሪያ ቆዳውን ማየት ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ቅርፊት፣ ጥቁር ነጥቦች፣ አጫጭር የተሰበሩ ፀጉሮች፣ መቅላት ወይም መግል ካለ ሐሳቡ ወደ ቆረቆር ያመዝናል። ቀጥሎ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። እዚያ እንደ እህል ፍሬ ተንፏቆ የሚዳሰስ ንፍፊት ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ከተገኘ የቆረቆር ጥርጣሬ በጣም ይጠነክራል። በመጨረሻም በቤት ውስጥ ወይም በአንድ ክፍል የሚማር ሌላ ልጅ ራሱን ያክክ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ቆዳው ልሙጥና ጤነኛ መልክ ያለው፣ ዳር ድንበሩ ጥርት ያለ ክብ ከሆነ ግን ላሽ ሊሆን ይችላል። በክቡ ጠርዝ ላይ ላይኛው ጫፋቸው ወፈር ብሎ ወደ ቆዳው ሲወርዱ የሚቀጥኑ አጫጭር ፀጉሮች ይታያሉ። ሐኪሞች በቃለ አጋኖ ምልክት ስም የሚጠሯቸው በዚህ ቅርጻቸው ነው። የልጁን ጥፍሮችም አስተውሉ፤ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ጥፍሩ ላይ ካሉ ይህም ላሽን ይደግፋል።

ከሐኪም በፊት በቤት የሚደረጉ አንዳንድ ነገሮች ግን እነዚህን ምልክቶች ያጠፋሉ። ራስ ላይ የተቀባ ቅቤ ወይም ዘይት ቅርፊቱን አጣብቆ ይደብቀዋል። ራስን መላጨት ለምርመራ የሚፈለጉትን ጉቶዎችና የጠርዝ ፀጉሮች ይዞ ይሄዳል። ከፋርማሲ የተገዛ የፈንገስ ቅባት ደግሞ ከላይ ያለውን ፈንገስ ስለሚቀንስ የላቦራቶሪውን ውጤት ሊያሳስት ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሸት ቆዳን ያቃጥላል፤ ቁስሉም በሽታውን ለመለየት የበለጠ ያስቸግራል። ለምርመራ የሚሄድ ልጅ ራሱ ሳይላጭና ምንም ሳይቀባ ቢሄድ ይመረጣል።

አንድ ልጅ ከቅባት እስከ ክኒን

መንገዱን በግልጽ ለማየት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ዓይነት ልጅ እናስብ። ዕድሜው 6 ዓመት፣ ክብደቱ 18 ኪሎ ነው። ከሁለት ወር በፊት ጭንቅላቱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው መላጣ ወጣበት። እናቱ ፋርማሲ ጠይቃ ቅባት ገዛች፤ ቅባቱ ውስጥ ስቴሮይድ ነበረበት። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ግን መላጣው ሰፋ፤ አጠገቡም ሌላ ወጣ። ታናሽ እህቱም ራሷን ማከክ ጀመረች።

ሐኪሙ ቅርፊትና ጥቁር ነጥቦች አየ፣ ከማጅራቱ በላይ ንፍፊት ዳሰሰ። ከዚያ ቅርፊቱን በደነዘ ምላጭ ፋቀ፤ የተሰበሩትን ጉቶዎችም ነቅሎ ብርጭቆ ላይ አኖራቸው። መላጣው መካከል ያለ ጤነኛ ረጅም ፀጉር አይጠቅምም፤ ፈንገሱ ያለው በጉቶው ውስጥ ነው። ናሙናው ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ውሁድ ጠብ ይደረግበታል። ውሁዱ ኬራቲኑን ስለሚያሟሟው ፈንገሱ በማይክሮስኮፕ ጎልቶ ይታያል፤ በፀጉሩ ውስጥ የታጨቁ ክብ ዘሮች። ይህ ምርመራ በዚያው ቀን ያልቃል። ዝርያውን ለይቶ ለማወቅ ፈንገሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ ሳምንታት ስለሚፈጅ ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ሕክምናው ያን አይጠብቅም።

አንዳንድ ክሊኒኮች የውድ መብራት የሚባለውን ጨረር ይጠቀማሉ። ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም ኬኒስ የተባለ ፈንገስ በዚህ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በኢትዮጵያ የሚበዛው ቫዮላሲየም ግን አያበራም፤ በአሜሪካ ልጆች ላይ የሚበዛው ትሪኮፋይተን ቶንሱራንስም እንደዚሁ። ስለዚህ መብራቱ ምንም ካላሳየ «ፈንገስ የለም» ማለት አይደለም። በአውሮፓና በእስራኤል ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ቫዮላሲየም እዚያም ከምሥራቅ አፍሪካ በሄዱ ልጆች ላይ ተገኝቷልና።

ወደ ልጁ እንመለስ። የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን ያላዳነው ፈንገሱ ጥልቅ ቦታ ስለተቀመጠ ነው። ቅባቱ የቆዳውን ገጽ ይነካል፤ ወደ ፀጉሩ ሥርና ወደ ፀጉሩ ውስጥ ግን በበቂ መጠን አይደርስም። የሚዋጥ መድኃኒት በደም በኩል ወደ ሥሩ ይሄድና አዲስ በሚበቅለው ፀጉር ውስጥ ይገባል። በፈንገስ የተበላው አሮጌ ፀጉር እስኪወገድ ንጹሑ ፀጉር ከሥር እየተተካ ይሄዳል። ሕክምናው ሳምንታትን የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው።

የቆየውና የታወቀው መድኃኒት ግሪሲዮፉልቪን ነው። የተለመደው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። ለ18 ኪሎው ልጅ 20 ሚሊግራም በ18 ሲባዛ 360 ይሆናል፤ ባለ 125 ሚሊግራም ክኒን ሦስት ቢሰጠው 375 ሚሊግራም ያገኛል፤ ይህም በመጠኑ ውስጥ ነው። ሕክምናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። መድኃኒቱ በደንብ የሚመጠጠው ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ወተት ወይም እንቁላል ይበቃል፤ ቤተሰቡ ጾመኛ ከሆነ ዘይት ያለው ወጥ ወይም የለውዝ ቅቤ ይተካል። በባዶ ሆድ የዋጠ ልጅ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶም ላይድን ይችላል።

ሌላው አማራጭ ተርቢናፊን ነው። ለትሪኮፋይተን ዝርያዎች በጣም የሚስማማ ሲሆን በአብዛኛው 4 ሳምንት ይበቃዋል። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጠው በቀን 62.5 ሚሊግራም፣ ማለትም የባለ 250ው ክኒን ሩብ ነው። የትኛው እንደሚሻልና መጠኑን የሚወስነው ልጁን ያየው ባለሙያ ነው። ቀድሞ የጉበት ሕመም የነበረበት ልጅ ካለ ከመጀመሩ በፊት ይህን መናገር ግዴታ ነው።

ከክኒኑ ጎን ለጎን ኬቶኮናዞል ወይም ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፑ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ አረፋው ራስ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይታጠባል። ሻምፑው በሽታውን አያድንም። ጥቅሙ ቆዳው ላይ ያሉትን ዘሮች ቀንሶ ወደ ሌሎች እንዳይዛመቱ መግታት ነው። ለዚህም ነው ምልክት የሌለባቸው የቤተሰቡ አባላት ጭምር እንዲጠቀሙበት የሚመከረው። በምሳሌያችን እህትየዋ ራሷን ታክካለችና እሷም ተመርምራ መታከም አለባት፤ አለበለዚያ ወንድሟ ድኖ ከእሷ መልሶ ይይዘዋል።

በመሃል የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች

ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንድ ልጆች ፊታቸው፣ ጆሯቸው ዙሪያ ወይም ደረታቸው ላይ የሚያሳክክ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ብዙ ወላጆች መድኃኒቱ አልተስማማውም ብለው ያቆሙታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሽፍታው ሰውነት ለሚሞተው ፈንገስ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ክኒኑ ሳይቋረጥ ይጠፋል። እውነተኛ የመድኃኒት አለርጂም ሊኖር ስለሚችል ልጁን አሳይቶ መለየት ያስፈልጋል። የከንፈርና የፊት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የአፍ መቁሰል ካለ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሁለተኛው ኬሪዮን የሚባለው ነው። የአንዳንድ ልጅ ሰውነት ፈንገሱን በኃይል ሲዋጋው ራሱ ላይ የሚያም፣ መግል የሚያወጣ፣ ሲነኩት እንደ ረጠበ ስፖንጅ የሚለሰልስ እብጠት ይወጣል። ልጁም ሊያተኩሰው ይችላል። ይህን እንደ ተራ እባጭ ቆጥሮ በምላጭ መክፈት ስሕተት ነው፤ መግሉ የሚመጣው ከፈንገሱ ጋር ከሚደረገው ፍልሚያ ነውና። አንቲባዮቲክ ብቻውንም አያድነውም። ዋናው መድኃኒት ያው የሚዋጠው የፈንገስ መድኃኒት ሲሆን መጀመሩ በዘገየ ቁጥር ሥሮቹ ጠባሳ ይሆኑና በቦታው ፀጉር ዳግም ላይበቅል ይችላል። ከቆረቆር ዓይነቶች ቋሚ መላጣ የሚያስቀረው በአብዛኛው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮ አይጠብቅም።

የልጁ መዳን የሚታወቀው በአራተኛው ሳምንት ገደማ ቅርፊቱ ሲጠፋና ለስላሳ ፀጉር ብቅ ብቅ ሲል ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ መላጣው እስኪሸፈን ወራት ይፈጃል። ይህ መዘግየት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ በሁለተኛው ሳምንት ክኒኑን ማቋረጥ ግን በሽታው እንዲመለስ ዋነኛ ምክንያት ነው።

ልሙጥ ሆኖ ሲገኝ

አሁን ደግሞ የ9 ዓመት ልጅ እናስብ። እናቷ ሹሩባዋን ስትፈታ ከኋላ ልሙጥ ክብ አገኘች። ቅርፊት የለም፣ አያሳክክም፣ ንፍፊት የለም። ሐኪሙ በክቡ ዳር ያለውን ፀጉር በጣቶቹ ይዞ ቀስ ብሎ ሲስበው ብዙ ፀጉር ያለ ሕመም ተነቅሎ መጣ፤ ይህ በሽታው በዚያ ጠርዝ ላይ ገና እየሠራ መሆኑን ያሳያል። በሁለት ጥፍሯ ላይም ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩ። ላሽ ነው።

ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን በድለናት ነው?» ብሎ ነው። በልጁ ላይ የደረሰ ድንጋጤ ወይም ጭንቀት ብዙ ጊዜ እንደ ምክንያት ይነሣል፤ በአብዛኛዎቹ ልጆች ላይ ግን እንዲህ ያለ ክስተት አይገኝም። መነሻው የቤተሰብ ዝርያና የመከላከል ኃይል መዛባት ነው። በዘመድ ውስጥ ላሽ፣ ለምጽ ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ልጁ ራሱም አስም ወይም የቆዳ አለርጂ ሊኖረው ይችላል። በዚህ ውስጥ የምግብም የንጽሕናም ጉድለት የለም።

ጥቂት ክብ ብቻ ካለ ያለ መድኃኒት መጠበቅ ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ላሽ ካለባቸው ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉራቸው በራሱ ይመለስላቸዋል። መጀመሪያ የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ቀስ ብሎ ቀለሙን ያገኛል። መጠበቅ ካልተፈለገ ልጆች ላይ በመጀመሪያ የሚሞከረው ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ ለምሳሌ ክሎቤታሶል። በመላጣው ላይ ብቻ በስሱ ተቀብቶ ሐኪሙ በወሰነው ሳምንት ያርፋል፤ ያለ ዕረፍት ከተቀባ ቆዳውን ያሳሳል። ተለቅ ላሉና መርፌውን ለሚችሉ ልጆች ስቴሮይዱ በመላጣው ውስጥ በትንሽ በትንሹ ይወጋል።

ሐኪሞች ልብ የሚሉት ላሽ አለ። ገና በሕፃንነት የጀመረ፣ ጥፍርን የነካ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ በማጅራት ላይ እንደ ቀበቶ የዞረ ወይም ቅንድብንና ሽፋሽፍትን ያጠፋ ላሽ በቀላሉ አይመለስም። ለእንዲህ ያለው ከባድ ላሽ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ሪትሌሲቲኒብ የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ፈቅዷል። መድኃኒቱ የመከላከል ኃይልን ስለሚቀንስ የቅርብ ክትትል ይፈልጋል፤ ሲቆምም ፀጉሩ ዳግም ሊረግፍ ይችላል። ላሽ በማንኛውም ሕክምና ከተመለሰ በኋላም ከዓመታት በኋላ ሊያገረሽ እንደሚችል ቤተሰብ ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻላል።

ሁለቱም ያልሆነ ጊዜ

ሁሉም ልጅ በግልጽ ከሁለቱ ወደ አንዱ አይመደብም። ጥቁር ነጥብ በላሽም ላይ ሊታይ ይችላል፤ ቅርፊቱ በጣም ያነሰ ቆረቆርም አለ። ከግንባርና ከጆሮ በላይ ባለው መስመር ብቻ የሳሳ ፀጉር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጠብቆ ከተሠራ ሹሩባ ነው። ርዝመታቸው የተለያየ የተቆራረጡ ፀጉሮች የሞሉበት፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ መላጣ ደግሞ ልጁ ራሱ ፀጉሩን እየነቀለ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ይህን ልጅ መቆጣት አይጠቅመውም። ጥርጣሬ ካለ የቆዳ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ነው፤ በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ይታወቃሉ። በአጉሊ መሣሪያ የቆረቆር ፀጉሮች እንደ ነጠላ ሰረዝ ተቆልምመው ወይም ተጠምዝዘው ስለሚታዩ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል።

ትምህርት ቤቱና ቤቱ

ቆረቆር ያለበት ልጅ የሚዋጠውን መድኃኒትና ሻምፑውን ከጀመረ ከትምህርት ቤት መቅረት የለበትም። ሚዶ፣ ሻሽ፣ ቆብና ትራስ ግን ከማንም ጋር አይጋራም። ሚዶና ብሩሽ በሙቅ ውሃና በበረኪና ይታጠባሉ፤ የትራስ ልብስና ቆብ በሙቅ ውሃ ይቀቀላሉ። ልጆችን በተርታ በአንድ ቶንዶስ ወይም በአንድ ምላጭ መላጨት ፈንገሱን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ ጠርጎ በአልኮል እንዲያጸዳው መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

ላሽ ላለበት ልጅ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልገውም። ሚዶውን የተጋራ፣ አብሮት የተኛ፣ ራሱን የዳሰሰ ማንም ሰው አይያዝም። ይህን ለመምህሩ በቃል መንገር ብቻ ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ፣ ሕመሙ የማይተላለፍ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከሐኪሙ መጠየቅና ለትምህርት ቤቱ መስጠት ይጠቅማል። ልጁ ቆብ ማድረግ ከፈለገ ይፈቀድለት፤ ማድረግ ካልፈለገም አይገደድ። ከወር ወደ ወር በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን የሚነሣ ፎቶ ደግሞ ለሁለቱም ልጆች ይሠራል፤ መላጣው እየጠበበ ወይም እየሰፋ መሆኑን ለሐኪሙ ከቃል ይልቅ በትክክል ያሳየዋል።